ሽማግሌው አጭርና እውነት ይናገር

የወንዱ ቤተሰብ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የተከበሩ ሰዎች መርጦ ወደ ልጅቷ ወላጆች ይልካል፤ ከመካከላቸው አንዱ ይናገራል፣ የቀሩት በመገኘታቸው ቃሉን ያጸናሉ። ይህ ወግ ዛሬም በከተማም በገጠርም አለ። በከተማ ግን ንግግሩ እየረዘመ መጥቷል። ቪዲዮ ቀራጭ በተጠራበት ሳሎን ሽማግሌው ለካሜራው ይናገራሉ፤ ጥቅስ ይደረደራል፣ የአስተናጋጁ ትውልድ ይወደሳል፣ የልጁ ሥራና ጠባይ ግን በሁለት ቃል ይታለፋል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው፦ በጥቂት ቤተሰብ ፊት የሚቀርብ የጋብቻ ጥያቄ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ በኋላ ቢጠየቅ የማይጸና ቃልም አይኑርበት።

ለአጭርነቱ ማስረጃ የምንጠቅሰው ራሱን ወጉን ነው። ሽማግሌዎች ቤት ሲገቡ «ተቀመጡ» ይባላሉ፤ እነሱ ደግሞ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። የሚናገሩት ቆመው ነው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፤ ባለቤቱም እንግዳው ቆሞ እሱ ተቀምጦ መስማት ይከብደዋል። ሥርዓቱ የተቀመጠው ጥያቄው ቶሎ እንዲነገርና ሰው እንዲቀመጥ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ የቆመ ሽማግሌ ወጉን አከበረ አንለውም።

ዋናው ውይይት ያለውም ከንግግሩ በኋላ ነው። የልጅቷ ወገኖች የልጁን ስም ከነአያቱ፣ የትውልድ ቦታውን፣ ሥራውን፣ ሃይማኖቱን ይጠይቃሉ። በብዙ የክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንዳይኖር ይጣራል፤ የቤተሰብ ሕጉ የጎን ዝምድናን የሚከለክለው ከዚህ እጅግ ባጠረ ርቀት ቢሆንም ሽማግሌው ለሰባቱ ተዘጋጅቶ መሄድ አለበት። ንግግር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ «መሐንዲስ ነው» ብሎ ከተናገረ በኋላ ሌላው ሲጠየቅ «የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የሚሠራው» ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ይጠረጠራል። ባለቤቱ ያንኑ ጥያቄ ዞሮ ለሌላ ሽማግሌ ካቀረበ፣ የመጀመሪያውን መልስ አላመነም ማለት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ከልጁ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ይጠይቁት፤ ሁሉም አንድ መልስ ይስሙ።

ከባዱን ጉዳይ በምሳሌ እንየው። ልጁ 34 ዓመቱ ነው፤ በሕንፃ ግንባታ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከዚህ በፊት አግብቶ ፈትቷል፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። የሚፈልጋት ነርስ ናት፤ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ የሽማግሌ ቀን ግን በዋናው ወንበር የሚቀመጡት አጎቷ ናቸው። ብዙ ሽማግሌዎች የፍቺውን ነገር «ካልተጠየቅን አንናገር» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ነገሩ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የተዋረደችው እናቲቱ ትሆናለች፤ የታመኑትም ሽማግሌዎች በዚያ ቤት ዳግም አይታመኑም። ይነገር፤ ግን ሁለት ነገር ይቅደም። ልጅቷ ለእናቷ አስቀድማ በራሷ ጊዜ ትንገራት፤ በሽማግሌ ፊት መጀመሪያ መስማት ለእናት አይገባም። ሽማግሌው ደግሞ የቀድሞዋን ሚስት አንድም ክፉ ቃል አይናገርባት። ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«እንደምን ዋላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አገኘናችሁ። ወይዘሮ እገሊት፣ ይህችን ልጅ ብቻዎን አሳድገው ለዚህ እንዳበቁ እናውቃለን፤ ስለዚህ የመጣነው ወደ እርስዎ ነው። ጋሼ እገሌ፣ በአባቷ ቦታ ስለተቀመጡ እርስዎንም እንለምናለን። የላከን እገሌ እገሌ ይባላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ሠርቶ ይኖራል፤ ሀብታም አይደለም። ከዚህ በፊት ትዳር ነበረው፤ በሕግ ተፋቷል፤ የስድስት ዓመት ልጅ አለችው፤ ያሳድጋታል። ይህን ልጃችሁ ታውቃለች፤ እናንተም ከእኛ እንድትሰሙት ወደድን። ሁለቱ ተዋደዋል፤ ተነጋግረዋል። እኛም ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን፣ ከእናንተ ጋር እንድንዛመድ ለመለመን ቆመናል። ልጃችሁን ጠይቃችሁ፣ ከዘመድ መክራችሁ በምትቀጥሩን ቀን እንመለሳለን።»

ረጋ ብለው ቢናገሩት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ሀብታም አይደለም» የሚለውን ሐረግ አንዳንድ ሽማግሌ ያስወጣው ይሆናል፤ እኛ እንዲቆይ እንፈልጋለን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቤትና ስለ መኪና የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጥሎሽና የሠርግ ወጪ በዚህ ንግግር አይገቡም። የፈቃድ መልስ ሳይገኝ ስለ ወርቅ መነጋገር እናቲቱን ያሳዝናል፤ ቦታቸው ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ንግግሩ በቃል ይነገር፤ የአያት ስም እንዳይሳሳት ብቻ ትንሽ ወረቀት በኪስ ብትኖር አንከለክልም።

እናቲቱ በስሟ መጠራቷ ለወጉ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሽማግሌ የሚለምነው ለአባት ወይም በአባት ቦታ ለተቀመጠ ወንድ ነውና። ልጅቷን ያሳደገች ሴት በገዛ ቤቷ በጓዳ በር ቆማ የምትሰማ ከሆነ ግን ልመናው የቀረበው ለማን ነው? አጎትየው ከእሷ በኋላ ቢጠሩ ክብራቸው አይቀንስም። በንግግሩ ማብቂያ «ልጃችሁን ጠይቃችሁ» መባሉም ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚደረግ ውል አድርጎ ያየው ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያንን ውል ትቶ ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ነጻና ሙሉ ፈቃድ፣ እንዲሁም 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ሽማግሌው የሚለምነው የቤተሰብን ምርቃት ነው፤ ፈቃዱን የምትሰጠው ልጅቷ ናት። ልጅቷ ሳትስማማ በቤተሰብ ስምምነት ብቻ የሚላክ ሽማግሌ ባይሄድ ይሻላል።

ቀሪው የመልሱ ቀጠሮ ነው። አስተናጋጆቹ «እንመካከር» ብለው ሁለት ሳምንት ቢወስዱ ሽማግሌው አይከፋ፣ የዚያኑ ቀን መልስም አይጎትጉት። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልጁ ወገን መዘግየት ነው። ሠርጉን በጥር የሚያስቡ ሰዎች ሽማግሌ የሚልኩት ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ሲሆን፣ የልጅቷ ቤተሰብ ለማጣራትም ለመዘጋጀትም ጊዜ ያጥረዋል፤ ጥር ካለፈ ደግሞ ዐቢይ ጾም ስለሚመጣ የኦርቶዶክስ ሙሽሮች ፋሲካን መጠበቃቸው ነው። ለጥር ሠርግ ሽማግሌ በጥቅምት ይላክ፤ ያ ካልሆነ ሽማግሌው «ቀኑን እናንተ ቁረጡ» ብሎ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣውን ወር ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይሂድ።