መሣሪያው ይገዛ ወይስ መድኃኒቱ ይቅደም?

እዚህ ጉለሌ፣ የሰፈራችን ሰው ነው፤ 46 ዓመቱ። ልቡ ደክሟል ተባለ። አልትራሳውንድ ሲታይ የልቡ የመግፋት አቅም 28 በመቶ ሆነ። አሜሪካ ያለው ወንድሙ ደወለልኝ፦ «ደረት ውስጥ የሚቀበረውን፣ የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ልግዛለት?»

«ገና ነው» አልኩት።

ለመከላከል ብለን መሣሪያውን የምናስበው ቢያንስ ሦስት ወር መድኃኒት በአግባቡ ተወስዶ አቅሙ አሁንም ከ35 በመቶ ካላለፈ ነው። የኛ ሰው ሳያቋርጥ ወሰደ፤ በአራተኛው ወር 41 ገባ። መሣሪያው ቀረ።

ባይሻሻልስ? ያኔ ልቡን ምን አደከመው ብለን እንጠይቃለን። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ከሆነ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ካልሆነ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዴንማርክ ጥናት እንዳሳየው፣ ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቢቀንስም አጠቃላይ ሞት በግልጽ አልቀነሰም። መሣሪያው ጠባቂ እንጂ ልብን አያበረታም፤ ትንፋሽም አያቀልም።

የተገጠመላችሁ ደግሞ ሾኩን ትፈራላችሁ፤ አውቃለሁ። «በቅሎ ደረቴን የረገጠችኝ ነው የመሰለኝ» ያለኝ ታካሚ አለ። አንዴ መትቷችሁ ደህና ከሆናችሁ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ። በአንድ ቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ ከመታ፣ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! ሾክ ሁሉ ከሞት አዳነኝ ማለት አይደለም፤ ሽቦው ተበላሽቶም፣ መሣሪያው ተሳስቶም ይመታል። መዝገቡ ሲነበብ ይለያል። ትክክለኛ ሾክ ከሆነ ግን ልቡ እየባሰበት ሊሆን ይችላልና መድኃኒቱ እንደገና ይታይ።