«ን» የተለጠፈችው ማን ላይ ነው?



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ሐሙሲትን አቋርጦ ያልፋል። ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ጋሪውና እግረኛው እዚያው ላይ ስለሚጋፉ ግጭት አይጠፋም። ከተጋጪዎቹ አንዱ የድርጅት ንብረት ከሆነ ሾፌሩ ለመሥሪያ ቤቱ የአደጋ ሪፖርት ይጽፋል። ሾፌሩ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ «ጸሐፊዋ ታቃናው» ይባላል። ይህ ልማድ እንዲቀር እጠይቃለሁ።

«ባጃጁን ሞተሩ ገጨ» የሚል ሪፖርት ቀረበ እንበል። አማርኛው እንከን የለውም፤ ገጪው ሞተሩ ነው። ሾፌሩ ግን ተቃራኒውን ሊል ፈልጎ ይሆናል። በኦሮምኛ ብዙ ጊዜ «ን» የምትጨመረው ድርጊቱን በፈጸመው ላይ ነው፤ «ኮንኮላታ» ራሱ ገጪ ሲሆን «ኮንኮላታን» ይባላል። በአማርኛ ግን «ን» የምትለጠፈው ድርጊቱ በደረሰበት ላይ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የለመደውን ይዞ ከጻፈ ጥፋተኛውና ተጎጂው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የፊደል ግድፈት ብቻ የምትፈልግ ጸሐፊም ስሕተቱን አታይም። «ን» ጨርሶ ከተዘለለች ደግሞ «ባጃጁ ሞተሩ ገጨ» ይሆንና ጸሐፊዋ ቀድሞ የመጣውን ገጪ አድርጋ በግምት ትሞላዋለች።

ሁለተኛው ችግር ያለው ግሡ ላይ ነው። «ገጨ»፣ «ተገጨ» እና «ተጋጨ» እያንዳንዳቸው ሌላ ነገር ይላሉ። «ባጃጁና ሞተሩ ተጋጩ» ማን እንደ ገጨ አይናገርም። ባጃጁ ቆሞ ከነበረ ይህ አገላለጽ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ነገር ግን ሾፌሩ ድምፅ ሰምቶ ዘወር ያለ እንጂ ግጭቱን ያላየ ከሆነ ትክክለኛው ቃል «ተጋጩ» ነው። እሱን ወደ «ገጨው» መለወጥ ያልታየ ነገር መመስከር ይሆናል።

ስለዚህ ሪፖርቱ መታረም ያለበት ሾፌሩ ባለበት ነው። ወረቀቱን ሳያሳዩት «ማን ገጨ? ማንን? በዓይንህ አይተሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ መልሱን ከጽሑፉ ጋር ማመሳከር ይገባል። ከተለያዩ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንደገና ይጻፍ፦ «ባጃጁ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ይሄድ ነበር። ሞተሩ ባጃጁን ከኋላ ገጨው።» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ን» ስለማያስፈልጋቸው ቋንቋውን ገና ለሚለማመድ አያስቸግሩም፤ ሦስተኛውን ደግሞ በእነሱ መፈተሽ ይቻላል። የባጃጁ የኋላ አካል ተሰብሮ ከተገኘም ተጨማሪ ማረጋገጫ ይሆናል። ሾፌሩ የታረመው ተነቦለት ይፈርም፤ የመጀመሪያው ጽሑፍም አብሮ ይያዝ።

ፎርሙን የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም ከባዶው ገጽ በፊት «የገጨው» እና «የተገጨው» የሚሉ ሁለት መሙያዎችን፣ ከሥራቸውም «አላየሁም» የሚል ምርጫ ያስገቡ። ሾፌር የሥራ ዋስትናውን በአንዲት ፊደል ማጣት የለበትም።

አንባቢ
ከሐሙሲት