የእርሳስ ንድፍና የኮድ ጸሐፊው ዕዳ

በመካከላችን አንድ መጥፎ ልማድ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ይኸውም አንዱ ጓደኛችን የስልክ አፕ ገጽ በእርሳስ ይሥላል፤ ሥዕሉን ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ከዚያም «የእኔ ድርሻ አለቀ» ብሎ ይቀመጣል። ኮድ የሚጽፈው ጓደኛ ደግሞ ሥዕሉን እንደ መሰለው ይተረጉመዋል። ሥራው ሲበላሽ የሚወቀሰው ማን ነው? ሁልጊዜ ኮድ ጸሐፊው ነው። እኛ ይህ ፍርድ የተዛባ ነው እንላለን። ይህንንም የምንለው የሌላውን ጉድለት አይተን ሳይሆን ራሳችን ካጠፋነው ተነሥተን ነው።

ለመመረቂያ ሥራችን አራት ሆነን የቤተ መጻሕፍት አፕ በፍላተር ስንሠራ፣ አንዱ ገጽ ተማሪው የተዋሳቸውን መጻሕፍት የሚያሳይ ነበር። ሥዕሉ ቀላል ነው። ከላይ ርእስ፣ ከሥሩ የመፈለጊያ ሣጥን፣ ቀጥሎ ሦስት የመጻሕፍት ረድፎች፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ቀኝ ጫፍ «አድስ» የሚል ቁልፍ፣ በመጨረሻም ከታች ሦስት ምልክቶች። ሁላችንም አይተን «ግልጽ ነው» አልን። ወንድማችንም የተሣለውን አንድ በአንድ ጻፈው፤ ሦስት ረድፎች ስላየ ሦስት ረድፎች ሠራ፤ የታችኞቹ ምልክቶች ከሦስተኛው ረድፍ ሥር ስለ ተሣሉ እዚያው አስከትሎ ጻፋቸው፤ ገጹም እንዳለ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት አደረገው።

ሰባት መጻሕፍት የተዋሰ ተማሪ ገብቶ ሲሞክረው አራቱ የትም አልታዩም። ወንድማችን ሦስቱን ረድፎች አንሥቶ በምትካቸው የሚንሸራተት ዝርዝር ቢያስገባ፣ ገጹ ጨርሶ ጠፍቶ ይህ መልእክት መጣ፦

```
Vertical viewport was given unbounded height.
```

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የሚንሸራተት ዝርዝር ቁመቱን የሚያገኘው ካቀፈው ነገር ነው። ያቀፈው ገጽ ራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ግን «የፈለግኸውን ያህል ርዘም» ይለዋል፤ ዝርዝሩም ወሰን ስላጣ መሣል አይችልም። መድኃኒቱ ገጹ እንዳይንሸራተት ማድረግና ዝርዝሩን «ከሌሎች የተረፈውን ቦታ ሁሉ ያዝ» ማለት ነው። ነገር ግን የትኛው ይንሸራተት፣ የትኛው በቦታው ይርጋ የሚለው የኮድ ጥያቄ ነውን? አይደለም። የገጹ አሳቢ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ስለማይንቀሳቀስ ጥያቄውን ደበቀው እንጂ አልመለሰውም።

ሁለተኛው መከራ ከረጅም ርእስ መጣ። በሥዕሉ ላይ የመጽሐፉ ርእስ አጭር ጠመዝማዛ መሥመር ነበር። እውነተኛው ርእስ ሲገባ ጽሑፉ «አድስ» የሚለውን ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ገፋው፤ በቀኝ በኩልም ቢጫና ጥቁር ዝንጕርጕር ታየ። ፍላተር አንድ ረድፍ ከተሰጠው ቦታ ሲያልፍ የሚያሳየው ምልክት ይህ ነው። እዚህም ኮድ ጸሐፊው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ርእሱ በሁለት መሥመር ይታጠፍ ወይስ በአንድ ይቈረጥ? የነገረው የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ሥዕሉን የሣለው ሰው ራሱ፣ ከሥዕሉ ጋር የክፍሎቹን አሠላለፍ በጽሑፍ ይስጥ። ሥራው የሚጀምረው ሌላ ቀለም ባለው እስክሪብቶ በሥዕሉ ላይ ሣጥን በማስመር ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ። አንድ ሣጥን ሌላውን ወይ ሙሉ በሙሉ ያቅፈው ወይ ጭራሽ አይንካው። ሁለት ሣጥኖች ከተቋረጡ አሳቡ ገና አልጠራም ማለት ነው። ቀጥሎ ለያንዳንዱ ሣጥን ስም ይውጣለት። ሦስቱ ረድፎች ሦስት ስም አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ዓይነት ነገር ተደጋግሞ ነውና አንድ ስም ይበቃል። ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ ላይ «ስፋትህንና ቁመትህን የሚወስንልህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አያልፍም፦ የተወሰነ ልክ፣ የያዘው ይዘት፣ ወይም የተረፈው ቦታ።

በዚህ መንገድ የእኛ ገጽ እንዲህ ሆነ፦

```
BorrowedBooksScreen
├─ AppBar
├─ Column
│  ├─ SearchField
│  └─ Expanded
│     └─ ListView
│        └─ BookRow (0..n)
│           ├─ Expanded → Column
│           │  ├─ title (maxLines: 2)
│           │  ├─ author
│           │  └─ dueDate
│           └─ RenewButton
└─ BottomNavigationBar
```

አንባቢ ልብ ይበል፤ ያን ሁሉ ቀን ያታገሉን ነገሮች እያንዳንዳቸው እዚህ አንድ አንድ መሥመር ናቸው። ረድፉ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ብዛቱ ከባዶ ጀምሮ እስከ ፈለገው ድረስ ነው። የሚንሸራተተው ዝርዝሩ ብቻ ነው። የታችኛው ምልክት የዝርዝሩ ልጅ ሳይሆን የገጹ ልጅ ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ጽሑፉ የሚይዘው ቁልፉ ያስተረፈለትን ስፋት ስለሆነ ቁልፉ ከቶ አይገፋም።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ወረቀት አንድን ቅጽበት ብቻ ይሥላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ መልካሙን ቅጽበት። ስለዚህ ከዛፉ ሥር በጥቂት ዐረፍተ ነገር ሌሎቹ ሁኔታዎች ይጻፉ። ዝርዝሩ ገና በመምጣት ላይ ሳለ ምን ይታያል? ተማሪው ምንም መጽሐፍ ካልተዋሰስ? ኔትዎርክ ቢቋረጥስ? «አድስ» ተጭኖ መልስ እስኪመጣ ቁልፉ ካልቆለፈ፣ ትዕግሥት ያጣ ተማሪ ሦስት ጊዜ ይጫነዋል፤ ጥያቄውም ሦስት ጊዜ ይሄዳል። መጽሐፉን ሌላ ሰው ተራ ይዞለት ማደስ ቢከለከልስ፣ ምክንያቱ የት ይነገራል? የመመለሻው ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይሁን በአውሮፓ፣ ይህም ካልተጻፈ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ያደርጉታል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሠዓሊው ListView ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ይህ የኮድ ጸሐፊው ሙያ ነው» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። ሠዓሊው የፍላተርን ስሞች ማወቅ የለበትም። «ዝርዝሩ ብቻ ይንሸራተታል፤ ርእሱ ከሁለት መሥመር አይለፍ» ብሎ በአማርኛ ቢጽፍ ይበቃል፤ ስሙን ኮድ ጸሐፊው ይሰጠዋል። የማንቀበለው ግን ውሳኔውን ራሱን ወደ ሌላው ማሸጋገሩን ነው። ስም አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሳይወስኑ ወስኛለሁ ማለት ግን ነውር ነው።

ደግሞም ጽሑፉ ሥዕሉን ይተካል አላልንም። ዛፍ የሣጥኖቹን ዝምድና ይናገራል እንጂ መልካቸውን አያሳይም፤ ርቀታቸውንና ሚዛናቸውን ለማየት ሥዕሉ ከአጠገቡ ይቀመጥ።

ጽሑፉ መብቃቱን የምናውቅበት ፈተናም ቀላል ነው። ሥዕሉን አይቶ ለማያውቅ ጓደኛ ጽሑፉን ብቻ ሰጥቶ «ገጹን ሣልልኝ» ማለት ነው። እኛ ስንሞክረው የመጀመሪያው ጓደኛ የመፈለጊያውን ሣጥን ከመጻሕፍቱ ጋር አብሮ የሚንሸራተት አድርጎ ሣለው። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ዛፋችን ሣጥኑን ከዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ያንን ያረምነው በእርሳስ፣ በአምስት ደቂቃ ነው። በኮድ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበር ከሰባቱ መጻሕፍት ተምረነዋል።

ስለዚህ በየቡድኑ ኮድ ለምትጽፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለው ይህ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ ሲላክላችሁ ሥራ አትጀምሩ፤ በትሕትና ግን በጽናት መልሱት። ለምትሥሉትም እንዲሁ፦ ድርሻችሁ የሚያልቀው እርሳሱ ሲቀመጥ ሳይሆን፣ የሳላችሁትን ያላየ ሰው ከጽሑፋችሁ አንብቦ ያንኑ ገጽ መልሶ ሲሥለው ነው።