«ምንም አይደለም፣ እማዬ» አይበቃም

ለእናት የመጣን የመንግሥት ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ፣ ስልኩ የተረጎመውን አማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ማስረዳት አይደለም። «ምንም አይደለም እማዬ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ መክተትም ማስረዳት አይደለም። አሜሪካ ያደጉ ብዙ ወጣቶች ሁለቱንም እገዛ ይሉታል። እኔ የመጀመሪያውን ስንፍና፣ ሁለተኛውን በፍቅር ስም የሚደረግ ንቀት እለዋለሁ።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ሶሻል ሴኩሪቲ ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በየወሩ የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ የሚባል ድጎማ አለ። እናታችሁ ይህን ያገኛሉ እንበል። አንድ ቀን ድጎማው ሊቆም መሆኑን የሚናገር ደብዳቤ ይመጣል። ስልካችሁን ስትደቅኑበት «ሀብትዎ ከገደቡ በላይ ስለሆነ ጥቅማ ጥቅምዎ ይቋረጣል፤ ይግባኝ የማለት መብት አለዎት» የሚል ነገር ይወጣል።

ቃላቱ ስሕተት ላይሆኑ ይችላሉ። እናታችሁ የሚሰሙት ግን ሌላ ነው። ሀብት ሲባል እሳቸው የሚያውቁት መሬት፣ ከብት፣ ፎቅ ቤት ነው፤ «ሀብታም ነሽ አሉኝ?» ብለው ይደነግጣሉ። ይግባኝ ሲባል ደግሞ ዳኛና ጠበቃ ይታያቸዋል፤ የሚያበላቸውን መንግሥት መክሰስ ነውር ይመስላቸውና «ተዉት፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። በዚያች ቃል ምክንያት የወር ድጎማቸው ሊቀር ነው።

በዚህ ደብዳቤ ላይ ሀብት የተባለው በዋናነት ባንክ ያለ ገንዘብ ነው። ለአንድ ሰው ገደቡ 2,000 ዶላር ሲሆን፣ የሚኖሩበት የራሳቸው ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ይግባኝ የተባለውም በመጀመሪያው ደረጃ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ውሳኔውን ያልወሰነ ሌላ ሠራተኛ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ነው። ታዲያ እንዲህ ብትሏቸውስ?

«እማዬ፣ ደብዳቤው ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው። በየወሩ የሚሰጡሽን ገንዘብ ሊያቆሙት አስበዋል፤ ገና አላቆሙትም። ምክንያቱ፣ ባንክ ውስጥ በስምሽ ከ2,000 ዶላር በላይ አይተዋል። እዚያ ያለው የኔ ደመወዝ ነው። አካውንቱ የጋራችን ስለሆነ ሁሉንም ያንቺ አድርገው ቆጠሩት። እንደገና እዩልን ማለት እንችላለን፤ ክስ አይደለም፣ ማንም አይቀየምሽም። ምን ይመስልሻል?»

በዚህ ንግግር ውስጥ «ጥቅማ ጥቅም» የሚል ቃል የለም። «ገና አላቆሙትም» የምትለዋን ግን አትዝለሏት፤ እናታችሁን እንቅልፍ የምትሰጣቸው እሷ ናት።

ቀኑን ደግሞ በእሳቸው አቆጣጠር ንገሯቸው። ደብዳቤው የተጻፈው ማርች 5፣ 2025 ከሆነ የካቲት 26፣ 2017 ነው። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤው በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሰ ይቆጥራል፤ ይህም መጋቢት 1 ነው። ከዚያ 60 ቀን አላቸው፤ እስከ ግንቦት 1። ብዙ ልጆች ይህን 60 ቀን ያዩና «ጊዜ አለ» ብለው ይቀመጣሉ። ሌላ አጭር ቀን ግን አለ፦ ጥያቄው በ10 ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ መጋቢት 11 ከገባ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድጎማው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በመጨረሻ ውሳኔው ካልተለወጠ በመሀል የተከፈለውን መልሱ ሊባሉ ይችላሉ፤ ይህንንም አትደብቋቸው። እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ፎቶ ያነሣ ልጅ አያየውም። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ፣ ጀርባውንም፣ በጥሩ ብርሃን አንሡ፤ ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ከትርጉሙ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ አንብቡ። (ፎቶውን የወጣቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትለጥፉ። የእናታችሁ ስምና አድራሻ አለበት።)

«ያስጨንቃቸዋል፣ ባያውቁ ይሻላል» የሚለኝ አይጠፋም። ባያውቁ ምን ይሆናል? 1-800-772-1213 ሲደወል ሠራተኛው ከልጅ ጋር ከመነጋገሩ በፊት የእናትየዋን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አማርኛ አስተርጓሚም በነጻ ያቀርባል። «ምንም አይደለም» የተባሉ እናት ስልኩን ሲቀበሉ ምን ብለው ይመልሱ? ገንዘቡ የልጃቸው መሆኑን ለማሳየትም የባንክ መግለጫና የደመወዝ ወረቀት ብቻ አይበቃም። አካውንቱን መለየት ያስፈልጋል፤ እናትም ልጅም ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳስገባና ማን እንዳወጣ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ሐሰት ቢሆን በሕግ በሚያስጠይቅ ወረቀት ላይ የሚፈርሙት እናታችሁ ናቸው።