ሁለት ዛፍ ስለመውጣት

ስለ አክሲዮን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ማኪያቶውን አስቀምጦ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለናል። ገንዘብ ሲበታተን ስጋቱ ቢቀንስም ትርፉም አብሮ ይቀንሳል ማለቱ ነው። ኧረ ባክህ! ጋዜጠኝነት የተማርኩት ከሂሳብ ልሸሽ ብዬ ነው፤ ይሄኛው ግን ለእኔም ገብቶኛል።

100,000 ብር አለኝ እንበል (አልኩ እንጂ የለኝም)። አንድ ኩባንያ ሲቀናው 50 በመቶ ያስገኝልኛል፣ ሳይቀናው 10 በመቶ ያከስረኛል፤ ዕድሉ እኩል ነው። የሚጠበቀው ትርፍ የሁለቱ አማካይ፣ 20 በመቶ ነው። ሁሉንም እዚያ ካስገባሁ 10,000 ብር የማጣት ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነው።

አሁን ግማሹን ወስጄ ልክ እንደዚያው ያለ፣ ዕጣው ግን ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ሌላ ኩባንያ ላይ ላድርገው። አራት ነገር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከቀናቸው 50 አተርፋለሁ፣ ሁለቱም ካልቀናቸው 10 እከስራለሁ። አንዱ ቀንቶት ሌላው ካልቀናው (ይህ በሁለት መንገድ ይሆናል) 25,000 አግኝቼ 5,000 አጣለሁ፤ ማለትም 20 በመቶ። አራቱን ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ፤ ያው 20 ነው! የመክሰር ዕድሌ ግን ከግማሽ ወደ ሩብ ወረደ። አማካይ ከአማካይ ጋር ሲደባለቅ አማካይ ሆኖ ይቀራል፤ የአንዱ መውደቅ ግን በሌላው መነሳት ይጣፋል። ሃሪ ማርኮዊትዝ ይህንን በ1952 እ.ኤ.አ. በሂሳብ አሳይቶ በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል።

እውነት ለመናገር የምሰጠውም ነገር አለ፤ 50 በመቶ የማገኝበት ዓመትም ከግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። ባለተረቱ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው። ሁለተኛው ኩባንያ የሚጠበቅ ትርፉ 8 በመቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አማካዩ 14 ይሆን ነበር፤ ያኔ ጥፋቱ የመረጥኩት ነገር እንጂ የመከፋፈሉ አይደለም።

የባሰ የሚያናድደኝ ግን «እኔማ ከፋፍያለሁ» ብሎ የአምስት ባንክ አክሲዮን የሚይዘው ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ሲያዝ ትዕዛዙ ለአምስቱም በአንድ ቀን ደረሰ። አብረው የሚወድቁ ከሆነ ከላይ ያለው «አንዱ ሲቀናው ሌላው ሳይቀናው» የሚለው ረድፍ ይጠፋል፤ የመክሰር ዕድሉም ወደ ግማሽ ይመለሳል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን በዱቤ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ ዕዳው በብር ሲያብጥበት፣ ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ተቆጠረለት። ሁለቱን የያዘ ሰው ነው የከፋፈለው።

ይህን ሁሉ ባለአምስት ባንኳ ጓደኛዬን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ስድስተኛውን ልጨምር?» አለችኝ።