ግብር የሚከተለው ወረቀትን ነው

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞችን እንውሰድ። አንዱ መምህር ነው፤ ሌላው ከደሴ ዕቃ እያመጣ የሚቸረችር ባለሱቅ።

መምህሩ በወር 9,000 ብር ያገኛል እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ ያለው 3,000 ብር 20 በመቶ፣ የቀረው 2,000 ብር ደግሞ 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ድምሩ 1,400 ብር ይሆናል። መምህሩ ይህን ብር በዓይኑ አያየውም። ደመወዙ እጁ ከመግባቱ በፊት ቀጣሪው ቆርጦ ያስቀረዋል። በአንድ የደመወዝ ዝርዝር የብዙ ሰው ግብር ይሰበሰባል።

ባለሱቁስ? ሳሙናውንና ዘይቱን ከአምባሰል ለመጣ ገበሬ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ዱቤውን የሚመዘግበው እሱ ብቻ በሚያነበው ደብተር ነው። ገቢውን የሚመሰክር ሦስተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ገቢ ሰብሳቢው ሱቁን አይቶ ይገምታል። ግምት ደግሞ ጠብ ያመጣል፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት «የቀን ገቢ ግምት» በወጣ ጊዜ በርካታ ከተሞች ውስጥ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውመዋል። ከእያንዳንዱ ትንሽ ሱቅ የሚገኘው ግብር ለግምቱ፣ ለአቤቱታውና ለክትትሉ የሚወጣውን ድካም ላይሸፍን ይችላል።

በዚህ ምክንያት መንግሥት ሁሉም ዕቃ ወደሚያልፍበት ጠባብ በር ይሄዳል። ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ጉምሩክ ላይ፣ ቢራውን ኮምቦልቻ ፋብሪካው በር ላይ ይቀርጠዋል። እዚያ ሰነድ አለ፤ ከፋዮቹም ጥቂት ናቸው።

«መደበኛ ያልሆነው ነጋዴ ግብር አይከፍልም» የሚለው አባባል የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ለቫት ያልተመዘገበ ባለሱቅ 1,000 ብር የሚያወጣ ሳሙና ከአከፋፋይ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨምሮበት 1,150 ብር ይከፍላል። የተመዘገበ ነጋዴ ይህችን 150 ብር ከሚያስገባው ቫት ላይ ያቀናንሳታል። ያልተመዘገበው ግን የሚያቀናንስበት መንገድ ስለሌለው ዋጋው ላይ ይጨምራታል። በመጨረሻ የሚከፍላት ሳሙናውን ይዞ ወደ አምባሰል የሚመለሰው ገበሬ ነው። ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ባለጠጋውም በአንድ ሳሙና ላይ እኩል ይከፍላሉ፤ ከኪሳቸው አንጻር ግን የሚከብደው ለገበሬው ነው።

መፍትሔው ባለሱቁ ላይ ግምት መቆለል አይደለም። ከአከፋፋዩ የገዛበት ደረሰኝ ከግምት የተሻለ ምስክር ነው። ችግሩ፣ ደረሰኙ ለግምት ማክበጃ ብቻ ከዋለ ነጋዴው «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብሎ መግዛት ይጀምራል። ስለዚህ ደረሰኝ የያዘ ሰው ካልያዘው ያነሰ እንዲከፍል፣ ግምቱ ሲበዛበትም በደረሰኙ እንዲከራከር መፍቀድ ያስፈልጋል።

ያ እስኪሆን መምህሩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ከደመወዙ፣ አንዴ ከሳሙናው። ገበሬው ደግሞ ግብር ከፋይ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይከፍላል።