ደብዳቤ እንጻፍ፦ አጨራረሱ አጀማመሩን ይከተላል

ውድ አንባቢያን፣

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር አይተናል። ዛሬ እንዴት እንደሚዘጋ እናያለን። መዝጊያ የምንለው ከፊርማው በላይ የሚጻፈውን አጭር ቃል ነው። «ያንተው ወንድም»፣ «አክባሪ ልጅዎ»፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚሉት ሁሉ መዝጊያዎች ናቸው።

«ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ያለው ከደብዳቤው ራስጌ ነው። መዝጊያውን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱና «ማንን ብዬ ነው የጀመርኩት?» በሉ።

አንድ የብቸና ገበሬ በአንድ ቀን ሦስት ደብዳቤ ይጽፋል እንበል። አንዱ ሞጣ ላለው ታናሽ ወንድሙ፣ አንዱ እዚያው ሞጣ ለሚኖሩት አማቱ፣ አንዱ ደግሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ለወንድሙ ሲጽፍ «ይድረስ ለውድ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ?» ብሎ ይጀምራል። «ጤናህ» እና «ሰነበትህ» በ«ህ» እንደሚያልቁ አስተውሉ። ወንድሙን «አንተ» ብሎ ጠርቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ሲዘጋም «የማይረሳህ ወንድምህ» ይላል። ለእኅቱ ቢሆን «ለጤናሽ» ብሎ ጀምሮ «የማይረሳሽ ወንድምሽ» ብሎ ይዘጋ ነበር። ለቤተ ሰቡ በሙሉ ከሆነ «ለጤናችሁ» ብሎ ይጀምርና «የማይረሳችሁ ወንድማችሁ» ብሎ ይጨርሳል።

ለአማቱ ሲጽፍ ግን «ይድረስ ለክቡር አባቴ ለአቶ እገሌ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?» ይላል። አሁን ያለው «ዎ» ነው። መዝጊያውም «አክባሪ ልጅዎ» ይሆናል። ስሕተት የሚመጣው የወንድሙን ደብዳቤ እያየ ሲገለብጥ ነው። ላዩን አስተካክሎ ከታች «የማይረሳህ» ብሎ ይተወዋል። ከላይ የሰጠውን ክብር ከታች ነጠቀ ማለት ነው። አማትየው ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ደብዳቤው ጎረቤት ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል። ያን «ህ» የሚሰማው ብዙ ሰው ነው። ለእርሻ በሬ ልዋስ ብሎ የጻፈ ሰው በአንድ ፊደል በሬውን ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛው ደብዳቤ የተለየ ነው። ከላይ እንዲህ ይላል፦

ለእነማይ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
ብቸና
ጉዳዩ፦ የስንዴ ምርጥ ዘር ስለመጠየቅ

እዚህ ላይ የተጠራ ሰው የለም፤ የተጠራው መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ» አይባልም። ደብዳቤውን ዛሬ የሚከፍተው ሰው ሌላ፣ በወሩ ከፋይሉ አውጥቶ የሚያነበው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ታዲያ «ያንተው ወንድም» ቢባል የማን ወንድም? ስለዚህ «ህ»ም «ዎ»ም የሌለበት መዝጊያ ይጻፋል። እርሱም «ከሰላምታ ጋር» ነው።

ከዚያ በታች «አመልካች» ተብሎ ስም ከነአባት ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ይከተላል። ወንድም «ወንድምህ» ሲባል ማን እንደጻፈለት ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ ግን አያውቅም። ስምና ቀበሌ ከሌለ ዘሩ ቢፈቀድም ለማን እንደተፈቀደ አይታወቅም።

በሣጥናችሁ የቆየ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካለ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። በደርግ ጊዜ እንዲያ ይጻፍ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ «አብዮታዊ» የሚለው ቃል ቀረ፤ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ግን እስካሁን አለ።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ ያለ አይደለም። እንግሊዞችም እንደዚሁ ደንብ አላቸው። የሰውየውን ስም ሳይጠሩ «ውድ ጌታዬ» ብለው የጀመሩትን «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብለው ይዘጉታል። «የእርስዎ ታማኝ» እንደማለት ነው። ስሙን ጠርተው «ውድ አቶ እገሌ» ብለው ከጀመሩ ግን «ዩርስ ሲንሲርሊ» ይላሉ። ይህም «ከልብ የእርስዎ» እንደማለት ነው። የእነርሱም መዝጊያ የሚመረጠው አጀማመሩ ታይቶ ነው።

መልመጃ

ይህን ደብዳቤ አንብቡና ስሕተቱን አርሙ። የሚለወጡት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው።

«ይድረስ ለተከበሩ የኔታ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለፋሲካ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ። የማይረሳህ ተማሪህ።»

አርማችሁ ስትጨርሱ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን «ህ» ጆሮ ይይዘዋል።

አክባሪ አስተማሪዎቻችሁ